እስቲ የእግርዎን ጥፍር ያሳዩኝ

ታላቅ እህቴ ወደ ቆዳ ሐኪም የሄደችው እጇን ለማሳየት ነበር። ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ወጡን ራሷ ትሠራለች፣ ሰው ሲበዛ ዕቃም ታጥባለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የእጇ ጥፍሮች ጫፋቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስሱ እየተነሳ ይላጥ ጀመር። ነጠላዋን ስታጣፋ ጥፍሯ ክሩን እየያዘ ይመዛል። «ነጠላዎቼን ሁሉ ጨረሰብኝ» እያለች ታማርር ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የእህቴን እጅ አገላብጣ አየችና «እስቲ የእግርዎን ጥፍር ያሳዩኝ» አለቻት። እህቴ ክፉኛ አፈረች፤ ቀኑን ሙሉ በጫማ የዋለ እግር ነው። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሲባል ስትሰማ ኖራለች፣ አንድ ቀን በቁሙ ይደርስብኛል ብላ ግን አላሰበችም። ካልሲዋን አወለቀች። የእግሯ ጥፍሮች ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጫፋቸው አንድም ያልተላጠ ነበር።

«እንግዲህ ከውስጥ የመጣ አይመስለኝም» አለች ሐኪሟ።

ይህች አጭር ፍተሻ ማንኛችንም ቤታችን ተቀምጠን ልናደርጋት የምንችል ናት። የእጅና የእግር ጥፍር የሚመገቡት ከአንድ ደም ነው። በሰውነት ውስጥ የጎደለ ነገር ወይም የገባ በሽታ ቢኖር እጅን መርጦ እግርን የሚተውበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም። የእጁ ተላጥቶ የእግሩ ደህና ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ የሚነካው ነገር ነው። ሁለቱም አብረው ከደከሙ ደግሞ ምግቡን፣ ደሙን፣ እንቅርት የሚወጣበትን የታይሮይድ ዕጢ ማሰብ ይገባል። ፍተሻዋ ፍርድ አይደለችም፤ የቱን መንገድ አስቀድመን እንሂድ ለሚለው ግን ትጠቅማለች።

ጥፍር ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል እንጂ እርስ በርስ የተጣበቁ ስስ የኬራቲን ንጣፎች ክምር ነው። ኬራቲን ፀጉርና ቀንድም የሚሠሩበት ፕሮቲን ነው። አናጢዎች ኮምፔንሳቶ የሚሉትን ጣውላ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ኮምፔንሳቶ ደረቅ ቦታ ዘመን ይቆያል፤ ዝናብ የሚያገኘው በር ላይ ከሆነ ግን ከታች ጫፉ ጀምሮ ንብርብሩ ይለያያል። ዝናቡ ብቻውን አይደለም እንዲህ የሚያደርገው፤ መርጠብና መድረቁ መፈራረቁ ነው። ጥፍርም ውኃ ሲያገኝ ይጠጣና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ንጣፎቹን የያዘው ማጣበቂያ ይላላል። ሳሙናና በረኪና ደግሞ ጥፍሩ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ቅባት ይወስዳሉ። መላጡ ከጫፍ የሚጀምረውም ጫፉ አሮጌው ክፍል ስለሆነ ነው፤ ከሥሩ ከወጣ ወራት ያለፈው፣ ብዙ እጥበት ያየው እሱ ነው።

እህቴ ግን ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት ሦስት ወር ካልሲየም ስትውጥ ነበር። «ጥፍርሽ የተሰበረው ካልሲየም አንሶሽ ነው» ያላላት ሰው አልነበረም። ይህ በየቤቱ የሚነገር ነገር ነው፤ አጥንት ጠንካራ ነው፣ ጥፍርም ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ወንድማማች ናቸው ከሚል የመጣ ይመስለኛል። ጥፍር ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ጥንካሬውም ከእሱ አይመጣም። የኬራቲኑን ክሮች አስተሳስሮ የሚይዘው በዋናነት ድኝ ነው። ጥፍር ላይ ብቅ የሚሉት ነጫጭ ነጠብጣቦችም እንዲሁ በካልሲየም እጥረት ሲታሙ ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ሥሩ አካባቢ የደረሰበት ትንሽ ምት ወይም ጫና ምልክቶች ናቸው፣ ከጥፍሩ ጋር አድገው ይወጣሉ።

ካልሲየሙ አልሠራ ሲል የአክስታችን ልጅ ከአሜሪካ ቢዮቲን ላከችላት። ቢዮቲን ከቫይታሚን ቢ ወገን ነው፤ ለጥፍር ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ የተነሳው የፈረስና የአሳማ ሰኮና እንደሚያጠነክር ከታየ በኋላ ነው። በሰው ላይ በቀን 2.5 ሚሊ ግራም እየተሰጠ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ላይ ለውጥ ታይቷል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ከማስረጃው ይልቅ ማወቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ በብዛት የተወሰደ ቢዮቲን የደም ምርመራን ያሳስታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የልብ ድካምን ለማወቅ የሚታየውን ትሮፖኒንን ጨምሮ አንዳንድ ውጤቶችን ሐሰተኛ ሊያደርግ እንደሚችል አሳውቋል። የታይሮይድ ምርመራም ከሚዛቡት አንዱ ነው። ጥፍሯ ተሰባብሮ ታይሮይድ የምትመረመር ሴት ቢዮቲን እየዋጠች ከሆነ ውጤቱ ሌላ ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ ደም ከመስጠት በፊት ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ለእህቴ የታዘዘላት መድኃኒት አልነበረም። ዕቃ ስታጥብ የፕላስቲክ ጓንት፣ ከውስጡ ደግሞ ስስ የጥጥ ጓንት፤ ጎማው ብቻ ከሆነ እጅ ውስጡ ያልበውና ያው እርጥበት ነው። እጇን ከታጠበች በኋላ አድርቃ ቫዝሊን መቀባት፣ በተለይ ማታ። ጥፍሯን ለጊዜው አሳጥራ መያዝ፣ መቁረጥም ከታጠበች በኋላ ለስልሶ ሳለ። ጫፉን በሞረድ ስታስተካክል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ወዲያና ወዲህ መፈተግ የተነሱትን ንጣፎች ይበልጥ ይከፍታቸዋል። ኩቴክስ ብትቀባ አይከለከልም፣ እንዲያውም ውኃ ይከላከላል፤ ጉዳቱ በየሁለት ቀኑ በአሴቶን ማስለቀቁ ላይ ነው። ጄል የለመዱ ደግሞ ሲሰለቻቸው በጥርስ ወይም በሌላ ጥፍር ፈልቅቀው ያነሱታል፤ ከጄሉ ጋር የጥፍራቸውን የላይ ንጣፍ ይዘው እንደሚነሱ አይታያቸውም።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብላ ስትጠይቅ «ስድስት ወር» አለቻት። እህቴ ቀልድ መሰላት። የተላጠ ጥፍር ግን አይድንም፤ ጥፍር የሞተ ነገር ነው፣ ያለው መፍትሔ አዲሱ ከሥር እስኪወጣና አሮጌው እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው። የእጅ ጥፍር በወር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል። የእግሩ ከዚያ በግማሽ ገደማ የዘገየ ነው፣ የአውራ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ለመለወጥ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህን በትዕግሥት የለካ ሰው ነበር፤ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቢን። ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለ35 ዓመታት በየወሩ መባቻ የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር ሥሩ ላይ እየጫረ፣ ጭረቷ ጫፍ እስክትደርስ ይቆጥር ነበር። በ32 ዓመቱ ጥፍሩ በቀን 0.123 ሚሊ ሜትር ያድግ ነበር፤ በ67 ዓመቱ ወደ 0.095 ወረደ። ሌላው ሰው ዕድሜውን በፀጉሩ ሽበት ሲያይ እሱ በጥፍሩ ለካው።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። እህቴን ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ፣ አጋጣሚውን ተጠቅሜም የአውራ ጣቴን ጥፍር አሳየሁ። መሐሉ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ እንደ መሰላል የተደረደሩ አግዳሚ ሸንተረሮች አሉት፤ ለዓመታት ጉበት ነው፣ ኩላሊት ነው እያልኩ ስፈራው ኖሬአለሁ። ሐኪሟ ጥፍሬን ሳይሆን እጄን ነበር የምታየው። «አሁን ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። አየሁ። ስታወራኝ ሳለ በሌባ ጣቴ የአውራ ጣቴን ጥፍር ሥር ያለውን ቆዳ እየገፋሁ ነበር። አላወቅሁትም። ጥፍር የሚሠራበት ቦታ ያለው በትክክል እዚያ ቆዳ ሥር ነው፤ በተገፋ ቁጥር እየወጣ ያለው ጥፍር ላይ አንድ እጥፋት ይቀራል። ያ መሰላል የልማዴ ቆጠራ ነበር። ሥሩ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ እንድውል ነገረችኝ፤ ለጥፍሩ ሳይሆን ለሌባ ጣቴ።

ሸንተረር ሁሉ አንድ አይደለም። ከሥር ወደ ጫፍ የሚወርዱ ቀጫጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች በዕድሜ የሚመጡ ናቸው፣ ፊት ላይ እንደሚወጣ መጨማደድ ማለት ነው፤ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሌለበትን ሰው ማግኘት ይከብዳል። አግድም የሆነ አንድ ጎድጓዳ መስመር፣ ያውም በብዙ ጣቶች ላይ በእኩል ርቀት የታየ እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ጆዜፍ ቦ በ1846 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ይህ መስመር ሰውነት በከባድ ሕመም ተይዞ ጥፍር መሥራቱን ለጥቂት ቀን የገታበትን ጊዜ ያመለክታል። ከባድ ወባ፣ ታይፎይድ፣ ብርቱ የሳንባ ምች፣ የካንሰር መድኃኒት ይህን ሊተው ይችላል። ቀኑን መቁጠርም ይቻላል፤ መስመሩ ከሥሩ ቆዳ 6 ሚሊ ሜትር ርቆ ከተገኘ ሕመሙ የነበረው ከሁለት ወር ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። «ትንሽ» ያልኩት ጥፍሩ ከቆዳው ሥር ብቅ እስኪል የሚወስደውን ጊዜ ለመጨመር ነው። ይህ መስመር ሕክምና አይፈልግም። ያለፈ ነገር ነውና ተቆርጦ ይሄዳል።

እህቴ ወደ ምግብ ቤቷ ስትመለስ ሐኪም ሆና ተመለሰች። የሁሉን እጅና እግር ማየት ጀመረች፤ ደንበኛም አልቀረም። ከእሷ ጋር የምትሠራ የ19 ዓመት ልጅ አለች። የእሷም ጥፍር ይሰነጣጠቃል፣ ውኃውም ያው ውኃ ነው፣ ስለዚህ ለሷም ጓንት ተገዛ። ግን የልጅቷ የአውራና የሌባ ጣት ጥፍሮች ከመሐል ዝቅ ብለው ዳራቸው ወደ ላይ ተነስቷል፣ እንደ ማንኪያ። ገጣባ፣ ስስና የገረጣ ነው። እህቴ ከሐኪሟ የሰማችውን አስታውሳ ከቧንቧው አንዲት ጠብታ ውኃ የልጅቷ ጥፍር ላይ አኖረች። ደህና ጥፍር ጎበጥ ያለ ስለሆነ ጠብታ ይንሸራተትበታል። ይህችኛዋ ግን ጎድጓዳው ውስጥ ተቀመጠች።

የማንኪያ ቅርጽ ያለው ጥፍር የብረት ማዕድን እጥረት የታወቀ ምልክት ነው። ሕፃናት ላይ ሲታይ ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ነው፤ በሳሙናና በቅባት ዘወትር የሚሠሩ ሰዎችም ላይ አልፎ አልፎ ይታያል። ወጣት ሴት ላይ ሲታይ ግን ደሟን ማየት ነው። ልጅቷ ስትጠየቅ ደረጃ ስትወጣ ልቧ እንደሚመታ፣ የወር አበባዋ ስምንት ቀን እንደሚፈሳት፣ ሩዝ ስትለቅም ደግሞ ጥሬውን መቆርጠም እንደምትወድ ተናገረች። ይህ የመጨረሻው እህቴን አስቋት ነበር። ሐኪሞች ግን አይስቁበትም፤ ብረት ያነሰው ሰው ጥሬ ሩዝ፣ አፈር፣ በረዶ መብላት እንደሚያምረው ያውቃሉ።

የደሟ ሄሞግሎቢን 9.1 ሆኖ ተገኘ። ለአዋቂ ሴት ከ12 በታች የደም ማነስ ይባላል፣ ያውም አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መለኪያው ከዚያ ከፍ ይላል። ፌሪቲን የሚባለው፣ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 6 ነበር፤ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው ማለት ነው። ብዙ ቦታ የሚታየው ሄሞግሎቢን ብቻ ነው። ጎተራው ግን ሄሞግሎቢን ከመውረዱ ቀደም ብሎ ይራቆታል፤ ጥፍርና ፀጉርም በዚያ ጊዜ ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ «ደምሽ ደህና ነው» የተባለች፣ ጥፍሯ ግን የሚሰነጠቅ ሴት ፌሪቲኗን አስመርምራ እንደሆነ መጠየቅ ከንቱ ጥያቄ አይደለም።

«ጤፍ እየበላን?» አለች እህቴ። እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት። ጤፍ ብረት እንዳለው እውነት ነው፤ በየመጽሐፉ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን በከፊል የጤፉ ሳይሆን የአውድማው ነው። በሬ በረገጠው መሬት ላይ ሲወቃ ከአፈሩ ጋር የሚደባለቀው ብረት አብሮ ይመዘናል፤ ታጥቦ ሲለካ ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። አፈር ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ አንጀት በቀላሉ የሚወስደው ዓይነት አይደለም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አሥሮ ይይዘዋል፤ እርሾው ሊጡን ሲያቦካው ከፋይቴቱ ከፊሉ ይሰበራል፣ በደንብ የቦካ እንጀራ በዚህ ረገድ ከአፍለኛ ቂጣ ይሻላል።

ከዚያ ቡናው አለ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ከሥጋ ምግብ ጋር ቡና ሲያጠጣ ሰውነታቸው የወሰደው ብረት በ39 በመቶ ቀነሰ፤ ሻይ ሲሆን በ64 በመቶ። የሚገርመው ሰዓቱ ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም አልጎዳም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል ጎዳ። ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ስንት ሰዓት ይሆናል? የኛ ወግ ቡናውን ልክ ከዚያች ሰዓት ላይ ያስቀምጠዋል። ቡና ተዉ የሚል ሰው በዚህ አገር አይሰማም፣ እኔም አልልም፤ ብረት ለጎደላት ሴት ግን ከምግቧ በፊት መጠጣቱ ወይም ሁለት ሦስት ሰዓት ማቆየቱ ይሻላታል። ልጅቷ ቁርሷን ቀኑን ሙሉ ዳቦ በሻይ ታደርግ ነበር።

የታዘዘላት የብረት እንክብል ነው፣ አንድ በየሁለት ቀኑ፣ ሆዷ ባዶ ሳለ፣ ከብርቱካን ጋር። በየቀኑ ያልሆነው ስለ ስስት አይደለም፤ አንድ እንክብል ሲዋጥ አንጀት ለአንድ ቀን ያህል ብረት መቀበሉን ይቀንሳል፣ የሚቀጥለው ቀን እንክብል ብዙው ወጥቶ ይሄዳል፣ ሆድም ያስቸግራል። ሰገራዋ እንደሚጠቁር አስቀድሞ ተነገራት፤ ይህን ሳይነገራቸው ደንግጠው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ሌላው ጥፋት በአንድ ወር ሻል ሲል ማቆም ነው። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ ወደ ሦስት ወር መቀጠል አለበት። የደም መፍሰሷም ለብቻው ታይቶላታል፤ የሚያንጠባጥብ እንስራ ቢሞሉት ያው ነውና። ደሙ ያነሰው ወንድ ቢሆን፣ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት፣ ከእንክብሉ በፊት ደሙ በየት እንደሚሄድ መፈለግ ግዴታ ነው፤ የጨጓራ ቁስል፣ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል፣ አንዳንዴም የአንጀት ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ሐኪሟ ያለ ጥያቄ የነገረችን አንድ ነገር አለ። የኛ ቆዳ ጥቁር ስለሆነ ብዙዎቻችን በብዙ ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚወርዱ ቡናማ መስመሮች ይኖሩናል፤ የቆዳ ቀለም እንጂ ሌላ አይደሉም። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም ጥቁረቱ ወደ ሥሩ ቆዳ የተሻገረ መስመር ግን ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ ስድስት ወር አይጠበቅም፤ በሳምንቱ መታየት አለበት። ስለዚህም ሐኪም ዘንድ ሲኬድ ኩቴክስ ይለቀቃል። እንሶስላ የሞቀች እንደሆነ ደግሞ ሳትደብቅ ትናገር፤ ቀለሙ ጥፍሩ ውስጥ ስለሚገባ ገርጥቷል ወይስ አልገረጣም የሚለውን ሁሉ ይሸፍናል።

እህቴ ጓንቱን በሳምንት አራት ቀን ታደርጋለች፣ ሦስቱን ትረሳለች፤ ጥፍሯም በዚያው ልክ ነው፣ ተሽሏል ግን አልጨረሰም። የኔ ፕላስተር ከተነሳ ቆይቷል። ልጅቷ ስድስተኛ ወሯን የጨረሰች ዕለት እህቴ ከቧንቧው ሥር ጠርታ እጇን አስዘረጋቻት። ጠብታዋ አውራ ጣቷ ላይ አፍታ ተንቀጠቀጠችና በጎን ተንሸራታ ሳፋው ውስጥ ወደቀች።